የሐጂ በከር ሰዓት ያልተወለወለበት ምክንያት

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንድ ቃል የተጨመረበት ከሆነ የጨመረው ሰው ምላሱ ይያዝ፣ እጁም ከዛሬ በኋላ እስክርቢቶ አይጨብጥ። እንዲያውም ሰው አያምንም ተብሎ ግማሹ ተቀንሷል። የተጠራጠረ ከሜክሲኮ አደባባይ ተነስቶ ወደ አብነት ይሂድና መጀመሪያ ያገኘውን ሰው «ዓባይነህ ሰዓት ሠሪውን ታውቀዋለህ?» ብሎ ይጠይቅ። አላውቅም የሚል ካጋጠመው ያ ሰው የሰፈሩ ልጅ አይደለም፤ ወይም ከዓባይነህ ጋር ተኳርፏል።

ዓባይነህ ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሃምሳውን በሰዓት ሥራ አሳልፏል። በሦስት ዓመቱ የአባቱን የጠረጴዛ ሰዓት ፈታትቶ መልሶ ገጠመው። ሲጨርስ ሁለት ብሎን ተርፎት ነበር፤ ሰዓቱ ግን ከድሮው በተሻለ ሠራ። ስዊሶች ለስንት ዘመን ሁለት ሁለት ብሎን በከንቱ ሲያባክኑ እንደኖሩ ያን ቀን ነው የገባው።

ሱቁ አብነት ውስጥ አንድ በር ነበረች። ስፋቷን ለማወቅ የፈለገ ሁለት እጁን ይዘርጋ፤ ሳይጨርስ ግድግዳ ይነካል። ከፊት ዓባይነህ ከነመስታወት ሳጥኑ ይቀመጣል። ከኋላው ልብስ ሰፊዋ ሶፊያ አለች። ኪራዩን እኩል ይካፈላሉ፤ ወሬውን ግን አይካፈሉም። ሙሉውን የሚያወራው ዓባይነህ ነው። ሶፊያ መርፌ በከንፈሯ ይዛ የምትውል ሴት ናት፤ በዓመት የምትናገረው ቃል አንድ ደብተር አይሞላም።

የዓባይነህ ዝና ግን ከጥገናው ይልቅ ከዲናሞው ነው የመጣው። ከተበላሸ የልብስ ማጠቢያ የተነቀለ ዲናሞ ነው። ጫፉ ላይ የጨርቅ ጎማ ተገጥሞለታል፤ ጎማው ላይ አረንጓዴ የፖሊሽ ሳሙና ይቀባል። ሶኬቱ ሲሰካ የአካባቢው ውሾች ይሸሻሉ። የተጫረ፣ የደበዘዘ፣ የስንት ሰው ላብ የጠጣ ሰዓት ጎማው ላይ ለአሥር ደቂቃ ተይዞ ሲወርድ መስታወት ሆኖ ነው። ደንበኛው ሰዓቱ ውስጥ ጢሙን አስተካክሎ ይሄዳል። በአብነት «ሰዓቴን ሥራልኝ» ማለት «አብራልኝ» ማለት የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። ቢሄድ ባይሄድ ማን ይጠይቃል፤ ሰዓቱን ከስልኩ የሚያይ ሰው በእጁ የሚፈልገው ብልጭታውን ነው።

ከሥራዎቹ ሁሉ ግን የሚኮራበት የአቶ ቱሉን ሰዓት ነው። አቶ ቱሉ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጡረተኛ ናቸው፤ ሁልጊዜ ከረባት ያስራሉ። ሰዓቱ የአባታቸው ነው። በ1958 ዓ.ም. አንድ መሥሪያ ቤት ለነባር ሠራተኞቹ ከሸለማቸው የስዊስ ሰዓቶች አንዱ ሲሆን ጀርባው ላይ «ለታማኝ አገልግሎት» የሚል ጽሑፍና «፲፯» የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል። ዓባይነህ ከስድስት ዓመት በፊት ይህን ሰዓት እንደገና ወለደው። ቀፎውን ወለወለው። ወይቦ የነበረውን ፊቱን አስፍቆ አዲስ ቀለም አስቀባ። ሰዓትና ደቂቃ የሚያመለክቱትን ያረጁ ቆጣሪዎች ጥሎ ነጫጭ አዳዲሶች ገጠመ። የሚጠነጠንበትን ቁልፍም ቀየረ። አቶ ቱሉ ተቀብለው ሜክሲኮ አደባባይ ላይ እጃቸውን ሲያነሱ ፀሐይ ሰዓቱ ላይ አርፋ ስታንጸባርቅ አራት ሚኒባስ ባንድ ጊዜ ቆመ። ባቡሩም ሊቆም ምንም አልቀረው።

ነገሩ እንዲህ በሰላም እየሄደ ሳለ የሱቋ በር ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ። መንገዱ ሊሰፋ ነው፤ ሱቋ ትፈርሳለች። ዓባይነህ አብነትን ለቆ የት ይግባ? የሚያውቀው ሥራ ይኸው ነው፤ የሚያውቁት ሰዎችም እዚሁ ናቸው። ከተማ ዳር ሄዶ ቢከፍት ሰዓቱን ማን ያመጣለታል? ዕንቅልፍ አጣ። ያንቀላፋ ከሆነም በቆመበት ነው።

በዚህ መሃል የሐጂ በከር ነገር መጣ። ሐጂ በከር ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ባለ ፎቅ ሕንፃ ያላቸው የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ጨርቁ መተዳደሪያቸው ነው፤ ፍቅራቸው ግን አሮጌ ሰዓት ነው። አራት መቶ ሰዓት አላቸው። አምስት መቶ የሚሉም አሉ፤ ዓባይነህ ግን ማጋነን አይወድም። ሐጂ ከሕንፃቸው መግቢያ፣ ከደረጃው ሥር፣ በመንገዱ በኩል መስኮት ያላትን አንዲት ክፍል ባዶ አስቀምጠዋል። «ለማንም አላከራያትም» ይላሉ፤ «ሰዓቶቼን የማምነው ሰው እስኪገኝ።»

ያቺን መስኮት ያገኘ ሰው እዚያው አካባቢው ላይ ይቀራል፤ ከእነዲናሞው፣ ከእነስሙ። ያላገኘም ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ይሄዳል። ዓባይነህ ሌላ የሚያስበው ነገር አልነበረም።

ሐጂ ለፈተና ሦስት ሰዓት ሠሪ ጠሩ። አንዱ ከመርካቶ፣ አንዱ ከሜክሲኮ፣ ሦስተኛው ዓባይነህ። ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ሰዓት ሰጡ። ለዓባይነህ የደረሰው ሲገለበጥ ጀርባው ላይ «ለታማኝ አገልግሎት» ይላል፤ ቁጥሩም «፲፰»። የአቶ ቱሉ ሰዓት ወንድም በሉት፤ ባንድ ቀን ተሸልሞ ሌላ እጅ ላይ ያረጀ።

«ቆሟል» አሉ ሐጂ። «ሥራና ሳምንት አሳየኝ።»

«እንዴት ልሥራው ሐጂ?»

«እንደምታውቀው።»

ዓባይነህ የሚያውቀው ደግሞ ዲናሞውን ነው።

በዚያ ሳምንት አብነት ከወትሮው ጸጥ ያለች ነበረች። ከማዶ ያለው ወፍጮ ቤት እንኳ ድምፁ አይሰማም። ሶፊያ የድሮውን የእግር ስፌት መኪናዋን ከጥግ አውጥታ ትረግጣለች። ዓባይነህ ሰዓቱን በነጭ ጨርቅ ላይ አድርጎ ከፈተው። የቆመው ሞላው ተሰብሮ ነው፤ ዘይቱም ደርቆ ሙጫ ሆኗል። ያ ቀላል ነው፤ ለዓባይነህ ዐይን ጨፍኖ የሚሠራ ነገር ነው። ቀፎው ላይ ግን ጭረት በጭረት ነው። ፊቱ እንደ ቆየ ወተት ወይቧል። በጨለማ ያበሩ የነበሩት ነጥቦች ቢጫ ሆነዋል፤ የቆጣሪዎቹም ቀለም ልክ እንደ ነጥቦቹ ቢጫ ነው። አብረው አርጅተዋል።

ዓባይነህ ጎማውን አዲስ ጨርቅ አለበሰው። ሳሙናውን ቀባው። ከዚያ ቆመ።

ለምን ቆመ? ሌላ ሰው ቢሆን አይቆምም። ዓባይነህ ግን ሰዓት ሲናገር ይሰማል።

በዚህ ጊዜ አቶ ቱሉ ገቡ። ከረባታቸውን አስተካክለው የሐጂን ሰዓት አዩና አፋቸውን አጣመሙ።

«ይሄ ምኑ ነው? ዱላ የበላ ይመስላል።»

«የእርስዎ ሰዓት ወንድም ነው ጋሽ ቱሉ።»

«የኔ እንዲህ ያለ ዘመድ የለውም። ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ዲናሞውን አስነሳዋ።»

«እስቲ የእርስዎን ያውልቁልኝ» አለ ዓባይነህ።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠና ማጉያውን ዐይኑ ላይ ሰካ። አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን እያገላበጠ አየ።

የሐጂ ሰዓት ተጭሯል፤ ግን ማሰሪያው የሚገባባቸው አራቱ እግሮች ወፍራም ናቸው። ጠርዛቸው ሲዳስሱት ጣት ይቆረቁራል። ላያቸው በፋብሪካ እንደተፋቀ በቀጫጭን መስመር ተሰልፏል፤ ጎናቸው ደግሞ ያበራል፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ድንበር በማስመሪያ የተሰመረ ያህል ቀጥ ያለ ነው። በአቶ ቱሉ ሰዓት ላይ ያ ድንበር የለም። እግሮቹ ሟሙተው ክብ ሆነዋል፤ ወር ሙሉ ልብስ የታጠበበት ሳሙና ይመስላሉ። ጀርባው ላይ «ለታማኝ» የሚለው ይነበባል፤ «አገልግሎት» የሚለው ለማያውቀው ሰው አይነበብም። ነጫጮቹ ቆጣሪዎች ከሌላ ቤት መጥተው የተቀመጡ እንግዶች ናቸው። ፊቱ ላይ የተጻፈው የፋብሪካ ስምም ቀጭን መሆን ሲገባው ወፍሯል፤ ሁለተኛው ፊደል ትንሽ ሰክሯል።

«ጋሽ ቱሉ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ ዓባይነህ። «ከዚህ ላይ የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

«ብረቱን።»

አቶ ቱሉ ሰዓታቸውን አንስተው መዘኑት። «ያው ነው እኮ።»

«ጭረት ምን ማለት ነው? ብረቱ ተገፍቶ ጎን ለጎን ቆመ፣ ትንሽም ሄደ ማለት ነው። እሱን ለማጥፋት እኔ ምን አደረግሁ? ጭረቱ እስካለበት ጥልቀት ድረስ ዙሪያውን በሙሉ ፋቅሁት። አንድ ጉድጓድ ለመድፈን ሰፈሩን ሁሉ ዝቅ እንደማድረግ ነው። የተጫረውን ነገም ከነገ ወዲያም የፈለገ መወልወል ይችላል። የተወለወለውን ግን ማን ይመልሰዋል?»

«ታዲያ ጭረት ዋጋ አይቀንስም ልትለኝ ነው?»

«ይቀንሳል። ሳይጫር የቆየ ቢገኝማ ከሁሉም ይበልጣል። ግን ስድሳ ዓመት እጅ ላይ የዋለ ሰዓት መጫሩን ሰው ያውቃል፤ ይጠብቀዋልም። ጭረቱ ሰዓቱን ያሰረው ሰው ሥራ ነው። ቅርጹ ግን የፋብሪካው ነው። ሰብሳቢ የሚገዛው የፋብሪካውን ነው። ያን ጊዜ አብረው የተገጠሙት ፊትና ቆጣሪ ዛሬም አብረው ሲገኙ፣ ‹ይሄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልተነካ ነው› ብሎ ያምናል። አንዱ ሲቀየር ሌላውንም መጠርጠር ይጀምራል። ደግሞ ሁሉም ሰው እንደ እርስዎ አስወልውሏል፤ ያልተነካው ጥቂት ነው። ጥቂት ነገር ይወደዳል።»

«እኔ አስወለወልኩ? አንተ አይደለህም እንዴ ‹አዲስ አደርገዋለሁ› ያልከኝ?»

ዓባይነህ ይህን አልሰማም፤ ሐሳቡ ከፍ ብሎ ነበር። ዲናሞውን በጨርቅ ሸፈነው። ሞላውን ብቻ ቀየረ፤ ሞላ ውስጥ ሆኖ የሚሠራና የሚያልቅ ነገር ነውና ማንም አይቀየምበትም። ውስጡን አጠበ፣ ዘይት ሰጠ፣ የጀርባውን ላስቲክ ለወጠ። አሮጌውን ሞላ በፖስታ አድርጎ አስቀመጠ፤ ባለቤቱ ምን እንደተነካ ማወቅ አለበት። ቀፎውን በለስላሳ ጨርቅ ጠረገው፤ ያቺን ታህል ብቻ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። የሐጂ ቢሮ ሰው ሞልቶ ደረጃው ላይ ተርፏል። የመርካቶው ሰው ሰዓቱን አወጣ፤ ክፍሉ በራ። ሐጂ በማጉያ አይተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። የሜክሲኮው ሰው አወጣ፤ አዲስ ፊት፣ አዲስ ቆጣሪ፣ አዲስ ቁልፍ። «የኔ ሰዓት የት ሄደ?» አሉ ሐጂ። ሰውዬው የጣለውን ዕቃ የት እንደጣለ አላስታወሰም።

ዓባይነህ ተራው ሲደርስ የተጫረውን ሰዓት ከነፖስታው አስቀመጠ። ሕዝቡ አጉረመረመ። ሐጂ ጠርዙን በጥፍራቸው ዳሰሱ። ገልብጠው «፲፰»ን አነበቡ። ፖስታውን ከፍተው የተሰበረውን ሞላ አዩ። ያኔ ዓባይነህ ተነሳና የአቶ ቱሉን ሰዓት ከጎኑ አኑሮ ንግግር አደረገ። አርባ ደቂቃ ተናገረ። ከታች ጋሪ የሚገፉት ጋሪያቸውን አቁመው አዳመጡ። «ጭረት ሰዓቱ ላይ ያለ ነገር ነው» ብሎ ጨረሰ፤ «ፖሊሽ ግን ከሰዓቱ ላይ የሄደ ነው።»

«ይሄን ባለ ጭረቱን በመቶ ሺህ ብገዛ» አሉ ሐጂ፣ ሁለቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ያንን የሚያበራውን በአርባም አልወስደው።»

አቶ ቱሉ ከኋላ ሆነው «የኔ ግን ያበራል» አሉ።

ሐጂ በከር እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ሰላሳ ዓመት ስፈልግህ ኖርኩ» ብለው የመስኮቷን ክፍል ቁልፍ በዓባይነህ እጅ ላይ አኖሩ። ሁለቱ ተፎካካሪዎች እጁን ሊስሙ ተጋፉ፤ እሱ ግን ከለከላቸው።

እነሆ ዓባይነህ ከደረጃው ሥር ከተቀመጠ ሦስት ወር ሞላው። ቦታው ለሁለት ሰው ስለማይጠብ ሶፊያም ከእነመኪናዋ ከኋላው ገብታለች። ታሪኩን ለመጣ ሰው ሁሉ ይነግራል፤ ባትሪ ሊያስቀይር የመጣም ሳይሰማ አይወጣም።

ባለፈው ማክሰኞ ከረፋዱ ላይ ማኑ የሚባል የባንክ ሠራተኛ መጣ። በመሐረብ የተጠቀለለ የሟች አባቱን ሰዓት ይዟል። አሮጌ ነው፣ ተጭሯል፣ ፊቱ ወይቧል። ዓባይነህ ሰዓቱን ሳያይ ታሪኩን ጀመረ። ከሦስት ዓመቱ ተነስቶ፣ በአራቱ ሚኒባስ በኩል አልፎ፣ በሐጂ እንባ ጨረሰ። ማኑ አፉን ከፍቶ ሰማ።

«እንግዲህ አሳየኝ» አለ ዓባይነህ በመጨረሻ። ሰዓቱን ተቀብሎ አገላበጠው፤ ራሱን ነቀነቀ። «አይዞህ። ተወውና ነገ ተመለስ። ውስጡን አጥቤ፣ ዳር ዳሩን ትንሽ ብልጭ አድርጌ፣ ፊቱንም አስቀብቼ አዲስ አደርግልሃለሁ።»

ማኑ ግራ ገባው። «ጋሼ፣ አሁን አይወለወልም አላሉም?»

«እሱ የሐጂ ሰዓት ነው። ሐጂ ሰብሳቢ ናቸው፤ ይሄ ያንተ የአባትህ ነው። ለአባትህ ክብር እንዲህ ተጫጭሮ ይቀመጥ?»

የሶፊያ መኪና ቆመ። መርፌዋን ከከንፈሯ አውጥታ ጨርቁ ላይ ሰካችው። ቀና አላለችም፤ ድምፅዋም ከፍ አላለም።

«ሦስት ሰዓት ሠሪ አልነበረም» አለች። «እሱ ብቻ ነበር።»

ማኑ ወደ እሷ ዞረ። ዓባይነህ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቢሮ የተሰበሰበ ሰውም የለም። ሐጂ ራሳቸው አብነት መጡ፤ አላስችል ብሏቸው፣ ገና በአምስተኛው ቀን። እኔ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ያን ስለ ብረትና ስለ ጭረት የተባለውን ሁሉ የተናገሩት እሳቸው ናቸው፣ የጋሽ ቱሉን ሰዓት ይዘው። ጋሽ ዓባይነህ ቆሞ ይሰማ ነበር። ጋሽ ቱሉን ይቅርታም አልጠየቃቸውም፤ አልቅሰው ነው የሄዱት።»

«ሶፊ» አለ ዓባይነህ።

«ሞላውን እኔ ነኝ ከወለል ያነሳሁት። ሐጂ ሲጠይቁ ፖስታ ውስጥ ያደረግሁትም እኔ ነኝ።» ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «ሰዓቱ ግን ሳይወለወል መቆየቱ እውነት ነው። መንገዱን የሚቆፍሩት ሰኞ ዕለት የመብራቱን ገመድ በጠሱት። አብነት ሳምንቱን ሙሉ ጨለማ ነበረች፤ ወፍጮ ቤቱም ቆሞ ነበር፤ እኔም በእግር ነበር የምሰፋው። ጋሽ ዓባይነህ ጎማውን አዲስ ጨርቅ አልብሶ፣ ሳሙና ቀብቶ፣ ሰዓቱን በእጁ ይዞ ነው መብራት ሲጠብቅ የሰነበተው። ጄኔሬተርም ለምኖ ነበር፤ ቤንዚን ጠፋ። ሐጂ ሲመጡ አውቆ የተወው መሰላቸው።»

ማኑ እጁን ወደ መስታወቱ ሳጥን ዘረጋና ሰዓቱን ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ሳበው።

ሶፊያ መርፌዋን ወደ ከንፈሯ ከመመለሷ በፊት ከሳጥኑ ሥር ወዳለው ሶኬት በአገጯ አመለከተች።

«ዛሬ ደግሞ መብራት አለ» አለች።